ኤፍ 22 ላይ የጠፋው ቆርቆሮ

ናሆም፦ እንጦጦ ወጥቼ ያነሳሁትን ፎቶ አይተሽዋል አይደል? ትራይፖድ ነበረኝ፣ ንፋስ አልነበረም፣ ፎከሱንም በደንብ አይቼ ነው ያነሳሁት። ግን ሁሉም ነገር ስስ ጉም የለበሰ ይመስላል።

ቤዛ፦ አፐርቸሩ ስንት ላይ ነበር?

ናሆም፦ ኤፍ 22። ከፊቴ ካለው ድንጋይ እስከ ከተማው ሁሉም ጥርት እንዲል ብዬ።

ቤዛ፦ በቃ እሱ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል። ብርሃን ደግሞ ሞገድ ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ስታርፍ ተስፋፍታ ትንሽ ክብ ትሆናለች። ዲፍራክሽን የሚሉት ይሄን ነው። ኤፍ 22 ላይ የክቡ ስፋት 30 ማይክሮን፣ ማለትም 30 የሚሊሜትር ሺህኛ ገደማ ይደርሳል። ያንተ ካሜራ ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ የሴንሰሩ መጠን ደግሞ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ነው፤ አንዱ ፒክስል 4 ማይክሮን አካባቢ ነው።

ናሆም፦ ስለዚህ አንዷ ነጥብ ሰባት ፒክስል ላይ ተንጣለለች።

ቤዛ፦ አዎ። ኤፍ 8 ላይ ግን ክቡ ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም።

ናሆም፦ ታዲያ ለምን 3.5 ድረስ አልከፍተውም?

ቤዛ፦ ያኔ የሌንሱ የራሱ ጉድለት ይወጣል። በመስታወቱ ጠርዝ የሚገባው ብርሃን በመሃል ከሚገባው ጋር አንድ ቦታ አይገናኝም። በተለይ የፎቶው ማዕዘኖች ይደበዝዛሉ። ስታጠበው ይሄ ይቀንሳል፤ ስታበዛው ዲፍራክሽን ይመጣል። ምርጡ ቦታ በሁለቱ መሃል ነው። እንዳንተ ባለ 18-55 ሌንስ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 8 አካባቢ ታገኘዋለህ።

ናሆም፦ ትናንት ሞከርኩት። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ አይኤስኦ 100 አልኩት። ፎከሱን አንዴ አስተካክዬ ማንዋል ላይ ቆለፍኩት። እጄ እንዳያነቃንቀው በ2 ሰከንድ ታይመር በየአፐርቸሩ አነሳሁ። 3.5 ላይ መሃሉ ይነበባል፣ ጥጉ ግን ፈዟል። 8 ላይ ጥጉም ተነበበ። 22 ላይ ገጹ በሙሉ እኩል ፈዘዘ።

ቤዛ፦ «እኩል» ያልካት ናት ምልክቷ። ካሜራው ቢነቃነቅ ፊደሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሳብ ነበር። ፎከስ ቢስት ደግሞ፣ እንደ እንጦጦው ባለ ቦታ፣ ከፊት ወይም ከኋላ የጠራ ነገር ታገኛለህ።

ናሆም፦ የእንጦጦውን በሶፍትዌር ሻርፕ ላደርገው ሞክሬ ነበር። የቤቶቹ ጠርዝ ደመቀ። የቆርቆሮው ሽንሽን ግን አልመጣም።

ቤዛ፦ ሻርፕነስ ስትጨምር ፋይሉ ውስጥ ያለው ንፅፅር ነው የሚጎላው። ጠርዙ ደብዝዞም ቢሆን ስለነበረ ጎላ። ሽንሽኑ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ፈሶ ሴንሰሩ ሳይመዘግበው ቀርቷል። የሚጎላ ነገር የለም። አሁንም ብትጨምርበት የምታተርፈው በየጠርዙ ነጭ መስመር ነው። ለመሆኑ ድንጋዩ ስንት ሜትር ይርቅሃል?

ናሆም፦ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ሌንሱ 18 ሚሊሜትር ላይ ነበር።

ቤዛ፦ እንግዲያው ኤፍ 8 አድርገህ 3 ሜትር ላይ ፎከስ ብታደርግ ድንጋዩም ከተማውም ይገቡልህ ነበር።

ናሆም፦ ቅዳሜ ጠዋት ተመልሼ እወጣለሁ።