ከታፔላው በፊት፣ አንድ ቃል

የተከበራችሁ የዳቦና የኬክ ቤት ባለቤቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ ሊጥ ያስቦካ ሰው ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ንግግር ማዳመጥ ምን ያህል እንደሚከብደው አውቃለሁ። ስለዚህ እኛ የማስታወቂያ ሰዎች የምንወደውን ረጅም መግቢያ ትቼ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያሉትን የዳቦ ቤት ታፔላዎች ብታነቡ አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። "ጥራት ያለው ዳቦና ኬክ"፣ "ጥራት መለያችን ነው"፣ ከሥሩ ደግሞ ፒዛ፣ በርገር፣ ጁስ፣ የልደት ኬክ በትእዛዝ። ጥራትን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን "ጥራት የሌለው ዳቦ እንሸጣለን" ብሎ ታፔላ የሚሰቅል ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማንም ተቃራኒውን የማይለው ነገር ደንበኛን ከጎረቤት ዳቦ ቤት ወደ እናንተ የሚያመጣ ቃል አይሆንም። ደንበኛው አንብቦት ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሳያነበው።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ማስታወቂያ ጽሑፍ ሳይሆን ከጽሑፉ በፊት ስላለው ሥራ ነው። አንድ ትንሽ ዳቦ ቤት ለደንበኛው ቃል የሚገባውን አንድ ነገር እንዴት ይመርጣል? ይህን በአንድ ዳቦ ቤት ታሪክ ባሳያችሁ ይሻላል። ባለቤቷን አስፈቅጃለሁ፤ ስሟን ግን አልጠራም።

ይህች ሴት ለብዙ ዓመታት ፒያሳ ነበረች። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በአካባቢው ብዙ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ እሷም ወደ አራት ኪሎ ተዛወረች። ፒያሳ እያለች ማስታወቂያ አላስፈለጋትም፤ ሰፈሩ ያውቃታል፣ ልጆች በእናቶቻቸው ተልከው ይመጣሉ፣ ሲያጥራቸው በዱቤ ይወስዳሉ። አዲሱ ቦታ ላይ ግን በበሩ የሚያልፈው ሰው መንገደኛ ነው። ወደ እኔ መጥታ "አንድ ጥሩ ጽሑፍ ጻፍልኝ፤ ታፔላም ላይ፣ በራሪ ወረቀትም ላይ፣ ቴሌግራምም ላይ የሚሆን" አለችኝ። ምን ብዬ ልጻፍ ስላት ደግሞ ትንሽ አሰበችና "ጥራታችንን" አለች።

ጽሑፉን አቆየሁትና አንድ ሥራ ሰጠኋት። ባንኮኒው ላይ የምትቆመው ሻጭ ደብተር ይዛ፣ ደንበኛ ዳቦ ከመግዛቱ በፊት የሚጠይቀውን እያንዳንዱን ጥያቄ እንዳለ በራሱ አነጋገር ትጻፍ አልናት። አስተያየት እንድትሰበስብ አይደለም፤ "ዳቦአችን እንዴት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሀገራችን ጨዋ ስለሆነ "በጣም ጥሩ ነው" ብሎ ሄዶ አይመለስም። ሰው ሳይጠየቅ በራሱ አንደበት የሚጠይቀው ግን የሚጠራጠረውን ነገር ነው።

ደብተሩ ሲመጣ አራት ነገሮች ተደጋግመዋል። ስንት ነው? ትኩስ አለ? የጾም ነው? የዛሬ ነው? እያንዳንዳቸው የአንድ ቃል ዘር ናቸው። አንድ በአንድ መዘንናቸው።

ዋጋውን ወዲያው ጣልነው። አንድ ምድጃና ሁለት ጋጋሪ ያለው ቤት በፋብሪካ ከሚጋገር ዳቦ ጋር በርካሽነት ሊወዳደር አይችልም፤ የዱቄት ዋጋ በጨመረ ቁጥርም ቃሉን ማፍረስ ሊኖርበት ነው።

ጾም የሚለው በጣም አጓጓን፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ሌሎቹን አጽዋማት ስትቆጥሩ ገበያው ትንሽ አይደለም። ነገር ግን የጾም ቤት ነኝ ያለ ሰው ቅቤ የነካውን ትሪ፣ እንቁላል የተቀባበትን ብሩሽ ከቤቱ ማስወጣት አለበት። እሷ ደግሞ የክሬም ኬክና ሚልፎሊ ትሸጣለች፤ መተው አልፈለገችም። መተው የማትፈልጉትን ነገር የሚያስተው ቃል አትግቡ።

ሁላችንም የወደድነው "ትኩስ" የሚለውን ነበር። እኔ ራሴ በአእምሮዬ ጽሑፉን ጀምሬው ነበር፦ "ሁልጊዜ 11 ሰዓት ላይ ትኩስ ዳቦ"። ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ዋናው ጋጋሪ ግን ጉዳዩን ወደ ኋላ ቆጠረልን። ዳቦው 11 ሰዓት ላይ ከምድጃ እንዲወጣ መጋገሪያው 20 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ተድቦልቡሎ ሁለተኛ ኩፍ እስኪል 45 ደቂቃ፣ ለመቁረጥና ለማድቦልቦል 25፣ ለመጀመሪያው ኩፍታ አንድ ሰዓት፣ ለማቡካት 15። ይህ ሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሊጡ በየቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ መቦካት አለበት። በክረምት ደግሞ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሊጡ ይዘገያል፤ ከበጋው ቀድሞ መጀመር ሊኖርበት ነው። እስከዚህ ድረስ በጥንቃቄ የሚቻል ነው። ከዚያ በኋላ ጋጋሪው "መብራት ሲሄድስ?" አለ። ምድጃቸው የኤሌክትሪክ ነው፤ ያላቸው ጄኔሬተር የሊጥ ማቡኪያውን እንጂ ምድጃውን አይችልም።

በሰዓት የሚገባ ቃል እንዲህ ነው፤ ለመጠበቅ ከሚያስችለው አቅም በላይ ከገባችሁት ራሱ ይቀጣችኋል። ዶሚኖስ የተባለው የአሜሪካ የፒዛ ድርጅት በ30 ደቂቃ አደርሳለሁ እያለ በገባው ቃል ዓለም አወቀው፤ ሆኖም የአሽከርካሪዎቹ ጥድፊያ ያደረሰው አደጋ ፍርድ ቤት አቁሞት እ.ኤ.አ. በ1993 ዋስትናውን ለማንሣት ተገደደ።

"ትኩስ" ሌላም ድክመት አለበት። ያደረ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ በዳቦው ውስጥ የደደረው ስታርች በሙቀት ለጊዜው ስለሚፈታ ነው። እጅ ላይ ትኩስ ነው። ቤት ደርሶ ሲበላ ግን ከቀድሞው ብሶ ይደርቃል። ይህን ዘዴ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ማን እንደሚሠራበት አልጠይቅም። ደንበኛውም ያውቀዋል። ለዚህ ነው ትኩሱን ዳቦ በእጁ ይዞ እንኳ "የዛሬ ነው?" ብሎ የሚጠይቀው።

አራተኛው ጥያቄ ያሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉ "የትናንት ዳቦ አንሸጥም" ሆነ። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ዳቦ ይዘገያል፣ ምናልባትም ያልቃል፤ ቃሉ ግን አይፈርስም። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ቢታይ እንኳ ቃሉን የሚመሰክር ነው። ተቃራኒውን የሚሠራ ሰው ስላለም ባዶ ወሬ አይደለም።

ቃል ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋ ያላስከፈለ ከሆነ ምናልባት ምንም ቃል አልገባችሁም። ቤቱ በቀን 600 ያህል ዳቦ ይጋግራል፤ ማታ ሲዘጋ ከ30 እስከ 40 ይተርፋል። ከመቶ ስድስት ገደማ ማለት ነው። ቀድሞ ጠዋት ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር። አሁን ሁለት ነገር ተቀየረ። በጠዋት ሁሉንም ከመጋገር ይልቅ ወደ 400 ያህሉ ጠዋት፣ የቀረው ከሰዓት በኋላ የዕለቱ ገበያ ታይቶ እንዲጋገር ተደረገ፤ ትራፊው ቀነሰ። የሚተርፈው ደርቆና ተፈጭቶ ኮቶሌታ ለሚሠሩ ምግብ ቤቶች መሸጥ ጀመረ። መጀመሪያ ማታ በግማሽ ዋጋ እንሽጠው ተብሎ ነበር፤ እኔ ተቃወምኩ። ደንበኛ ግማሽ ዋጋውን ከለመደ 12 ሰዓት ላይ መግዛቱን ትቶ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይጠብቃል።

ብዙዎቻችሁ የምትስቱት ቦታ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያ ቤት የጎደለና የተረፈ ዳቦ ሒሳብ ከሻጯ ደመወዝ ይቆረጥ ነበር። አስቡት፤ ባለቤቷ ከላይ "የትናንት አንሸጥም" ብላ ትሰቅላለች፣ ሻጯ ከታች የትናንቱን ካልሸጠች ከኪሷ ትከፍላለች። ልጅቷ ምን ታድርግ? ትደብቀዋለች፣ ጠዋት ከሥር አድርጋ ትሸጠዋለች። ቃሉ በሦስት ቀን ውስጥ በራሷ ሻጭ እጅ ይሞት ነበር። ስለዚህ ታፔላው ከመሠራቱ በፊት የደመወዝ ደንቡ ተሻረ፤ ትራፊ በየማታው ተቆጥሮ በደብተር እንዲጻፍ፣ በባለቤቷ ሒሳብ እንዲያዝ ተደረገ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ብዕር ያነሣሁት። እውነቱን ለመናገር የቀረኝ ሥራ ትንሽ ነበር። ታፔላው ላይ "የዛሬ ዳቦ። የትናንት አንሸጥም።" ተጻፈ፤ ፒዛውና ጁሱ ከታፔላው ወርደው ውስጥ ግድግዳው ላይ ቀሩ። የወረቀት ከረጢቱ ላይ በየዕለቱ የቀኑ ስም በማኅተም ይመታል፦ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ሌላ ምንም የለበትም። በቴሌግራም የሚወጣው ደግሞ ጠዋት የመጀመሪያው ዳቦ የወጣበት ሰዓትና ዳቦ ያለቀበት ሰዓት ብቻ ነው። ባለቤቷ "አልቋል ብዬ ልጽፍ? ገበያ አላባርርም?" ብላ ተከራክራኛለች። እንድትሞክረው ለመንኳት።

አንድ ጥንቃቄም ጨመርን። ቃሉ ስለ ዳቦ እንጂ ስለ ኬክ አይደለም። ደረቅ ኩኪስ ቀናት ይቆያል፤ የልደት ኬክ መሠረቱ ከዋዜማው ቢጋገር ነውር የለበትም። ስለዚህ "ሁሉም የዛሬ ነው" ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆን ነበር። አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክለዋል። ከሕጉም በፊት ግን ለደንበኛው የሚታይ ውሸት ነው።

መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? የሽያጭ ቁጥር ብቻውን አይነግራችሁም፤ የበዓል ሰሞን ያለ ምንም ቃል ይጨምራል፣ መንገድ ሲቆፈር ያለ ጥፋታችሁ ይቀንሳል። ወደዚያው ደብተር ተመለሱ። "የዛሬ ነው?" የሚለው ጥያቄ እየቀነሰ ከሄደ ቃላችሁ ታምኗል። እንዳለ ከቀጠለ ግን ጽሑፉን ከመቀየራችሁ በፊት መደርደሪያውን ፈትሹ። በዚህች ሴት ቤት ጥያቄው ቀንሷል፤ "ስንት ነው?" የሚለው ግን እንዳለ ነው፤ እሱን እኔም ላስቆመው አልችልም።

የእናንተ ቃል "የትናንት አንሸጥም" መሆን የለበትም። እንዲያውም አራት ኪሎ አካባቢ ያላችሁ ባትወስዱት ደስ ይለኛል፤ ተይዟል። ሆስፒታል አጠገብ ያለ ቤት ደብተሩ ሌላ ነገር ይነግረዋል፤ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለውም እንዲሁ።

ወንበራችሁ ላይ ባዶ ወረቀት ተቀምጧል። ደንበኞቻችሁ ሳትጠይቋቸው የሚጠይቋችሁን የምታስታውሱትን ያህል በራሳቸው አነጋገር ጻፉ፤ "ጥራት" የሚል ቃል ከተጻፈ ሰርዙት። ሻጮቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወረቀቱን ለእነሱ ስጧቸው፤ ከእናንተ የበለጠ ያውቃሉ። ሲያልቅ ከፊተኛው ረድፍ ጀምረን አንድ በአንድ እናነባለን።