ድርና ማጉ ሳይጠፋ፦ በፎቶ ላይ ሸሚዝን ስለ ማጽዳት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፊት ሳይሆን ከፊት በታች ስላለው ነገር ነው። የመደበኛ ፎቶ እርማት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቆዳ ነው፤ ሸሚዙ ግን በግማሽ አካል ፎቶ ላይ ከፊት የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ነጭ ሲሆን ደግሞ የተመልካችን ዓይን ቀድሞ የሚጠራው እርሱ ነው። እድፉን አጠፋለሁ ብሎ ሸሚዙን እንደ ፕላስቲክ ያለሰለሰ እርማት ስመለከት ከእድፉ ይልቅ እርማቱ ይረብሸኛል። እድፍ ያለበት ሸሚዝ ቢያንስ ሸሚዝ ነውና።

በምሳሌነት የምይዘው በእኛ አገር ስቱዲዮዎች በምረቃ ሰሞን በብዛት የሚታየውን ዓይነት ፎቶ ነው። ተመራቂው ጥቁር ጋዋኑን አውልቆ በነጭ የጥጥ ሸሚዝና በከረባት ተነሥቷል፤ ብርሃኑ ከግራ በኩል ይመጣል። ሸሚዙ ገና ከማሸጊያው የወጣ አዲስ ነው፤ ስለዚህ ደረቱ ላይ የማሸጊያው እጥፋት አንድ ቁም፣ አንድ አግድም መስመር ሠርቷል። ከኮሌታው በታች በቀኝ በኩል የሻይ ጠብታ አርፎ ደርቋል። ጋዋኑ ደግሞ በትከሻውና በእጅጌው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ክሮችን ትቶ ሄዷል።

በፎቶሾፕ ብራሽ ከመያዜ በፊት ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ እንከን ያለው የት ላይ ነው? በፎቶ ላይ ያለ ጨርቅ ከሦስት ነገሮች ይሠራል፤ ከቀለሙ፣ ከብርሃንና ከጥላው፣ እንዲሁም ከድርና ማጉ። የሻይ እድፍ ቀለሙን ይለውጣል እንጂ ክሮቹን አይነካም። የጋዋኑ ብናኝ ክሮቹን ይሸፍናል እንጂ ከሥሩ ያለውን ጥላ አያዛባም። እጥፋት ደግሞ በአብዛኛው ጥላ ነው። ጨርቁ የሚጠፋው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲበላሽ ሦስቱንም አንድ ላይ ፍቀን ስናነሣ ነው።

ከእድፉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው በተሳሳተ መሣሪያ የሚነካው እርሱን ነውና። የተለመደው አሠራር በ Healing Brush ከንጹሕ ቦታ ጨርቅ ወስዶ መለጠፍ ነው። ለትንሽ ነጥብ ይሠራል፤ የጣት ጥፍር ለሚያህል የሻይ እድፍ ግን የተለጠፈው ጨርቅ የክሮቹ አቅጣጫ ካካባቢው ጋር አይገጥምም፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። ይልቅስ የቻናሎችን ሰሌዳ ክፈቱና ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን አንድ በአንድ ተመልከቱ። የሻይ ቡናማነት የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ ስለሆነ፣ እድፉ በሰማያዊው ቻናል ላይ በጣም ጠቁሮ፣ በአረንጓዴው ለዘብ ብሎ ይታያል፤ በቀዩ ላይ ግን ከነመኖሩ ያስጠረጥራል። ይህ ማለት ከእድፉ ሥር ያለው ድርና ማግ አልጠፋም ማለት ነው፤ የጠቆረበትን መጠን መልሶ ማንሣት ብቻ ነው የሚቀረው።

አሁን ቁጥሮቹን እንይ፤ በእያንዳንዱ ቻናል 0 ጥቁር፣ 255 ሙሉ ብርሃን ነው። ከእድፉ አጠገብ ያለው ንጹሕ ጨርቅ ቀይ 226፣ አረንጓዴ 226፣ ሰማያዊ 230 ያነብባል እንበል። የእድፉ መካከል ደግሞ ቀይ 219፣ አረንጓዴ 205፣ ሰማያዊ 178 ነው። ብርሃንንና ቀለምን በመስመር የሚያስተካክለውን የ Curves ሌየር ከፍቼ በሰማያዊው መስመር ላይ 178ን ወደ 230 ማድረስ አለብኝ። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ፤ ልዩነታቸውም የዛሬው ጉዳይ ልብ ነው። አንደኛው በመስመሩ መካከል ነጥብ አስቀምጦ ወደ ላይ መግፋት ነው። ቀለሙ ይስተካከላል፤ ነገር ግን የመስመሩ የላይኛው ጫፍ ባለበት ስለሚቆይ ከነጥቡ በላይ ያለው ክፍል ዘንበል ብሎ ይተኛል፣ መስመር በተኛበት ቦታ ደግሞ በብሩህና በጥቁር ክር መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። እድፉ ይሄዳል፣ ጨርቁም አብሮት ይሄዳል።

ሁለተኛው መንገድ የላይኛውን የቀኝ ጫፍ ራሱን ይዞ ወደ ግራ መጎተት ነው። ጫፉ ከ255 ወደ 197 ሲመጣ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ይቆያል፤ 178ም 230 ላይ ያርፋል። በአረንጓዴው ጫፉን ወደ 231፣ በቀዩ ወደ 247 አመጣለሁ። ይህ የሚሠራበት ምክንያት እድፍ ብርሃንን የሚቀንሰው በድርሻ ስለሆነ ነው፤ ከብሩሁ ክርም ከጥቁሩም ተመሳሳይ ድርሻ ወስዷል፣ እኛም በተመሳሳይ ድርሻ እንመልሳለን። በክሮቹ መካከል የነበረው ልዩነት ከነመጠኑ ይመለሳል። ጫፉን ለማግኘት ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የእድፉን ቁጥር በ255 አባዝታችሁ ለንጹሑ ቁጥር ታካፍላላችሁ።

ከዚያ እርማቱ የት እንደሚታይ የሚወስነውን ማስክ ጥቁር አድርጌ እድፉ ባለበት ብቻ በለስላሳ ነጭ ብራሽ እከፍተዋለሁ። አንድ ችግር ግን ይቀራል። የደረቀ ሻይ ወይም ቡና በዳሩ ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት ይተዋል፤ ውሃው ሲተን ቀለሙን ወደ ጠርዙ ስለሚገፋው ነው። ስለዚህ ለመካከሉ የሚበቃው እርማት ለቀለበቱ አይበቃውም። ለቀለበቱ ብቻ ሌላ Curves ከነማስኩ እጨምርና ቁጥሩን ከራሱ ከቀለበቱ እወስዳለሁ። ያም ሆኖ ቢጫነት ከቀረ፣ በባዶ ሌየር ላይ ቀለሙን ብቻ እንዲለውጥ የማዋሃጃውን ዓይነት Color አድርጌ፣ ከአጠገቡ ካለው ጨርቅ በተወሰደ ቀለም በስሱ አልፍበታለሁ። ቀለሙ ከአጠገቡ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ የትም ቦታ ንጹሕ ነጭ አይደለም፣ በብርሃኑ በኩል ሞቅ ይላል፣ በጥላው በኩል ሰማያዊ ይነካዋል።

ወደ ብናኙ ስመጣ ትልልቆቹን ክሮች በባዶ ሌየር ላይ በ Healing Brush አነሣለሁ፤ ናሙናው Current & Below ላይ መሆን አለበት። ብራሹ ከክሩ ውፍረት እምብዛም አይበልጥም፤ ናሙናውንም የምወስደው በዚያው እጥፋት ላይ፣ በዚያው ብርሃን ውስጥ ካለ ቦታ ነው። ከከረባቱ አጠገብ ግን ይህን መሣሪያ አልጠቀምም፤ የአካባቢውን ቀለም ስለሚያዋሕድ የከረባቱን ጥቁረት ወደ ሸሚዙ ይስበውና ጭቃ የመሰለ ጥላ ይተዋል። እዚያ ቦታ ሳያዋሕድ እንዳለ የሚቀዳው Clone Stamp ይሻላል።

ትከሻው ላይ እንደ አሸዋ የተበተኑትን አንድ በአንድ መልቀም ግን ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን ጨርቅም ያስጨርሳል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ትንሽ ድርና ማግ ይዞ ይሄዳልና። ለእነርሱ ምስሉን ደርቤ Dust & Scratches የሚባለውን ማጣሪያ እጠቀምና የማዋሃጃውን ዓይነት Lighten አደርገዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ የሚለወጠው ከማጣሪያው ውጤት የጠቆረ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ወሳኙ Threshold የሚለው ቁጥር ነው። የጥጡ ክሮች እርስ በርስ የሚለያዩት በስድስት በሰባት ደረጃ ከሆነና ጥቁሩ ብናኝ ከአካባቢው በ40 የሚለይ ከሆነ፣ ቁጥሩን 15 ወይም 20 ላይ ሳቆመው ማጣሪያው ብናኙን ያያል፣ ሽመናውን ያልፋል። ልኩን የማውቀው ከዜሮ ጀምሬ ስጨምር ጠፍቶ የነበረው ሽመና ሲመለስ ነው። ጋቢ ለብሶ የመጣ ሰው ጥቁር ኮት ላይ የሚተወው ነጭ ብናኝ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ Lighten ሳይሆን Darken ነው።

እጥፋት ላይ ስደርስ መጀመሪያ የምወስነው የቱ እንደሚቀር ነው። ከብብት የሚነሡት፣ ክንድ ሲታጠፍ የሚፈጠሩት፣ ቁልፉ ሲወጥር የሚወጡት መስመሮች ከሸሚዙ ሥር ሰው እንዳለ የሚነግሩን ናቸው። ጥልቀታቸውን ጥቂት ባለዝብ እንኳ አላጠፋቸውም። መሄድ ያለባቸው ማሸጊያው የሠራቸው ሁለቱ መስመሮች ናቸው፤ ስለ ካውያ ካልሆነ በስተቀር ስለ ባለቤቱ የሚናገሩት ነገር የለም።

የማሸጊያ እጥፋት ሲቀርብ ሲታይ በብርሃኑ በኩል የነጣ፣ በማዶው የጠቆረ ጎን አለው፤ በመካከላቸውም ስል መስመር አለ። ጎኖቹን በሁለት Curves እፈታቸዋለሁ፤ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ያጨልማል፣ የሁለቱም ማስክ ጥቁር ነው፣ የማዋሃጃ ዓይነታቸው Luminosity። የብራሹን Flow ሦስት በመቶ ያህል አድርጌ የጠቆረውን ጎን በማብሪያው፣ የነጣውን በማጨለሚያው ደጋግሜ እዳብሳለሁ፤ ብራሹ ከጥላው ስፋት እንዳይበልጥ እጠነቀቃለሁ፣ ከበለጠ የደረቱን ተፈጥሯዊ ክብነት ያጠፋልና። ስሉን መስመር ብቻ በመጨረሻ በቀጭን Healing Brush እነካዋለሁ።

ምስሉን በድብዘዛ ለሁለት ከፍለው ጥላውን ለብቻ፣ ክሩን ለብቻ የሚያርሙ ባልደረቦች አሉ፤ ዘዴው ለቆዳ የታወቀ ነው። ለሸሚዝ እኔ ብዙም አላዘወትረውም። ስሉ የእጥፋት መስመር ከክሩ ጋር በላይኛው ሌየር ላይ ስለሚቀር፣ ከሥር ጥላውን ብታለሰልሱትም መስመሩ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ባለ መስመር ሸሚዝ ላይ ደግሞ የትኛውም የጥላ እርማት ብቻውን አይበቃም። ጨርቁ ሲታጠፍ መስመሩም አብሮ ይጎብጣልና፣ ጥላው ጠፍቶ ጉብጠቱ ከቀረ ዓይን አንድ ነገር እንደ ጎደለ ይነቃል። ወይ መስመሩን በ Liquify ማቃናት፣ ወይ እጥፋቱን ከነጥላው መተው ነው፤ እኔ ብዙ ጊዜ እተወዋለሁ።

ሥራው መሳካቱን ለማየት ከሁሉም በላይ ጊዜያዊ ሌየር አስቀምጣለሁ፤ ምስሉን ጥቁርና ነጭ የሚያደርግ፣ በላዩም ልዩነትን እንዲያጎላ ሽቅብ የሚወጣ Curves። ደህና የመሰለው ቦታ ሁሉ በዚህ ሲታይ ይጋለጣል፤ የለሰለሰው ክፍል ሽመና የሌለው ግራጫ ደመና ሆኖ ይወጣል። ከዚያ መቶ በመቶ አጉልቼ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሙሉ ፎቶው በስክሪኑ ልክ ሆኖ እመለከተዋለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ክሩ በፋይሉ ውስጥ ካለ ነው። ሸሚዙ በብርሃን ተቃጥሎ ሦስቱም ቻናሎች 255 ላይ ከደረሱ የሚነሣ ነገር የለም፤ ያለው አማራጭ ከሌላ የሸሚዙ ክፍል፣ ተመሳሳይ የክር አቅጣጫ ካለው ቦታ ማምጣት ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስልም እንዲሁ ነው፤ መጭመቁ ጥቃቅኑን ሽመና ቀድሞ ስለሚበላው የቀረው በአራት ማዕዘን የተቆራረጠ ልስልስ ነጭ ነው። ስለዚህ ደንበኛው በስልኩ ፎቶ ሲልክልኝ፣ ስለ እድፉ ከመነጋገራችን በፊት ዋናውን እንደ ፋይል አድርጎ እንዲልክልኝ እጠይቀዋለሁ።