መስኮቱ አልከፈት ያለው ኪችን

እንደምን አደራችሁ። ብርዱን ችላችሁ በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ኪችን ነው። እዚሁ ከተማ ነው የሠራሁት። ጥፋቱም የራሴ ነው።

ባለቤቷን እትዬ ልበላቸው። ቤታቸው ገና ልስን ላይ ነበር፤ ወለሉ ሊሾም ሴራሚክም አልነበረውም። ሜትሬን ይዤ ገባሁ። የመስኮቱ ግድግዳ 3.40 ሜትር ነው። መስኮቱ 1.20፣ መሀል ላይ። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ 94 ሴንቲ ሜትር። ካቢኔቱ ከነግራናይቱ 90 ስለሚሆን 4 ሴንቲ ተረፈኝ አልኩና ማጠቢያውን መስኮቱ ሥር ሳልኩት። ፕላኑ ላይ ሲያምር!

ልንገጥም ስንሄድ ወለሉ በሊሾና በሴራሚክ 8 ሴንቲ ከፍ ብሏል። የኔ 94 ወርዶ 86 ሆኗል። ግራናይቱ ከደፉ በ4 ሴንቲ በለጠ። መስኮቱ ደግሞ በውጪ ፍርግርግ ስላለው የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ክንፉ ግራናይቱን ያዘና አልከፈት አለ። ደፉ ችግር ባይኖረው እንኳ ክንፉ የቧንቧውን አንገት ይመታው ነበር።

የካቢኔቱን እግር ከ10 ወደ 5 ሴንቲ አወረድነው፤ ከፍታው 85 ሆነ፣ መስኮቱ ተለቀቀ። ማጠቢያውን ግን ወደ ግራ መውሰድ ነበረብን። የማጠቢያው ቀዳዳ ቀድሞ ስለተበሳ አዲስ ግራናይት ተቆረጠ። ከኪሴ።

ይህን ስህተት ፕላን አያሳያችሁም። ፕላን ከላይ ወደታች ነው የሚያየው፤ ከፍታ አያውቅም። የሚያሳየው ኤሌቬሽን ነው፣ ማለትም ግድግዳውን ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት። እኔ ያኔ ኤሌቬሽን የምስለው ለማሳመር፣ መጨረሻ ላይ ነበር። አሁን ከፕላኑ እኩል እጀምረዋለሁ።

ኦቶካድ ላይ እንዲህ ነው የማደርገው። በሚሊ ሜትር እሠራለሁ። ከፕላኑ ሥር አንድ አግድም መስመር እስላለሁ፤ ይህ ዜሮ ነው፤ ያለቀው ሴራሚክ ፊት። ሴራሚኩ ገና ካልተነጠፈ ባለቤቱን ወይም ግንበኛውን «ስንት ትነሳላችሁ?» ብዬ እጠይቅና ከለካሁት ከፍታ ሁሉ እቀንሳለሁ። ከዚያ `XLINE` ብዬ ከግድግዳው ጥግ፣ ከመስኮቱ ጫፎችና ከያንዳንዱ ካቢኔት ቁልቁል መስመር አወርዳለሁ። ከዜሮው ደግሞ በ`OFFSET` ወደ ላይ እወጣለሁ፦ 100 እግሩ፣ 870 የታችኛው ካቢኔት ራስ፣ 900 ግራናይቱ፣ 1450 የላይኛው ካቢኔት ሥር፣ 2150 ጫፉ። መስመሮቹ ሲቆራረጡ ግድግዳው ራሱ ይወጣል። የመስኮቱን ክንፍ ፕላኑ ላይ በተቆራረጠ መስመር ተከፍቶ እስለዋለሁ፤ ኤሌቬሽኑ ላይ ደግሞ የቧንቧውን ቁመት። የሚነካካ ካለ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ግራናይቱ ላይ ሳይሆን።

መተላለፊያውን ቶሎ ልለፈው። የኪችኑ ስፋት 2.60 ነበር። ግራና ቀኝ 62፣ 62 ግራናይት ሲወጣ 1.36 ይቀራል። አንዱ መሳቢያ ስቦ ሲያጎነብስ ሌላው ከኋላው ያልፋል። ከ1 ሜትር ባወርደው ግን ምድጃው ሲከፈት መቆሚያ ይጠፋል። ጥግ ላይ መሳቢያ ካለ 5 ሴንቲ መሙያ እንጨት ተዉ፤ አለበለዚያ እጀታው ከጎረቤቱ ይጋጫል።

ወደ ምጣዱ ልምጣ። እትዬ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ኪችን ውስጥ ይሁንልኝ አሉ። ብዙዎቻችን ከሌላ አገር ካታሎግ ስለምንቀዳ ምጣድ የሚባል ነገር ስዕላችን ላይ የለም። የእሳቸውን ለካሁት፤ ከነአካሉ 22 ሴንቲ ይቆማል። 90 ላይ ብናስቀምጠው የምጣዱ ፊት 112 ይሆናል። እስኪ ክርናችሁን ወደዚያ አንሡና ሊጥ አዙሩ። ስለዚህ ያን ክፍል ብቻ 68 አደረግነው፤ ፊቱ 90 ላይ መጣ። አክንባሎው ወደ ኋላ ተከፍቶ ሲቆም 1.50 ይደርሳል። እኔ ደግሞ የላይኛውን ካቢኔት ከ1.45 ነው የጀመርኩት። እንፋሎቱም ቀጥታ ሥሩ ይገባል፤ ኤምዲኤፍ እንፋሎት ሲጠጣ ጠርዙ ያብጣል። ከምጣዱ በላይ ግድግዳውን ባዶ ተውኩትና የጭስ ማውጫ አደረግሁበት።

ኤሌቬሽኑን በ1:20 አተምኩት። 3.40 ሜትሩ ወረቀት ላይ 17 ሴንቲ ነው፣ ለማየት ይበቃል። ፕላኑን ሳሳያቸው እትዬ ዝም ብለው ነበር። ኤሌቬሽኑን ሲያዩ መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን የላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖሩ።

«ልጄ፣ እዚህ እኮ አልደርስም» አሉኝ።

ተነሡና ግድግዳው ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ለካሁ። 1.82። መደርደሪያዋን ወደ 1.75 አወረድኳት፣ ከዚያ በኋላ ፈረሙ።