62 የተጻፈበት ቢላዋ ለምን ይሸረፋል?

ሄኖክ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ቢላዋ ሊገዛ ላሰበ ሰው ነው የምናወራው። ሜሮን፣ ማሸጊያው ላይ «62 ኤችአርሲ» የሚል ነገር ይጻፋል። ምንድን ነው እሱ?

ሜሮን፦ ሮክዌል ሲ የሚባል የጥንካሬ ልኬት ነው። ጫፉ አልማዝ የሆነ ትንሽ ሾጣጣ በ150 ኪሎ ግራም ጫና ብረቱ ላይ ይጫናል። ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ይለካል። ጥልቀቱ ባነሰ ቁጥር ልኬቱ ከፍ ይላል። ብዙዎቹ የአውሮፓ የወጥ ቤት ቢላዎች ከ55 እስከ 58 አካባቢ ናቸው። ብዙዎቹ የጃፓን ቢላዎች ደግሞ 60ና ከዚያ በላይ ናቸው።

ሄኖክ፦ እና 62ቱን ልግዛ?

ሜሮን፦ ቆይ። ቁጥሩ የሚነግርህ ብረቱ ላለመታጠፍ ያለውን አቅም ነው። ላለመሰንጠቅ ያለውን አቅም አይነግርህም። ስለት ደግሞ በሁለቱም መንገድ ይበላሻል። ብረቱ ለስለስ ካለ የስለቱ ጫፍ ወደ ጎን ይተኛል። ብረቱ አልጠፋም፣ ቦታውን ነው የለቀቀው። ብረቱ ጠንካራ ሆኖ ምት የማይችል ከሆነ ግን ይሸረፋል። ያ ቁራጭ ሄደ፣ አይመለስም።

ሄኖክ፦ በዓይን ይለያል?

ሜሮን፦ ይለያል። ስለቱን ወደ ላይ አድርገህ መብራት ስር ቀጥታ እየው። በደንብ የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም። የታጠፈው ላይ ቀጭን የሚያብለጨልጭ መስመር ታያለህ። ከዚያ ጥፍርህን ከቢላዋው ጀርባ ወደ ስለቱ ቀስ አድርገህ ወደ ውጪ አንሸራት። በስለቱ ርዝመት እንዳታስኬደው፣ ይቆርጥሃል። በአንዱ ጎን ለስላሳ ሆኖ በሌላው ጎን ያዝ ካደረገህ ታጥፏል። የተሸረፈው ላይ ደግሞ የጎደለ ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ እንደ ግማሽ ክብ ነው።

ሄኖክ፦ ገዢዎች ሲመርጡ ቢላዋውን በእጃቸው ጎበጥ እያደረጉ ይሞክራሉ። እሱስ ይረዳል?

ሜሮን፦ ስለ ጥንካሬው ምንም አይነግርም። ለስላሳም ሆነ ጠንካራ አረብ ብረት ስትጫነው የሚለጠጠው እኩል ነው ማለት ይቻላል። እጅህ ላይ የሚሰማህ ውፍረቱ ነው። ውፍረቱ በግማሽ ቢቀንስ በ8 እጥፍ በቀላሉ ይለመጣል። ጥንካሬው የሚወስነው ስትለቀው ቀጥ ብሎ ይመለሳል ወይስ እንደጎበጠ ይቀራል የሚለውን ነው።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ይሄ ጥንካሬ የት ነው የሚወሰነው?

ሜሮን፦ እሳት ላይ። ተራ የካርቦን ብረት ብንወስድ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፣ ከዚያ ዘይት ወይም ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ካርቦኑ ከብረቱ ውስጥ የመውጣት ጊዜ ያገኝ ነበር። በድንገት ሲቀዘቅዝ ግን እንደታፈነ ይቀራል። ማርተንሳይት የሚባለው ያ ነው። 1 በመቶ ያህል ካርቦን ያለው ብረት በዚያ ሰዓት 65 አካባቢ ይደርሳል። በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን መሬት ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል።

ሄኖክ፦ ለዚህ ነው እንደገና የሚሞቀው?

ሜሮን፦ አዎ፣ ቴምፐሪንግ የሚሉት እሱ ነው። ያንኑ ብረት 200 ዲግሪ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ታቆየዋለህ፣ ብዙ ጊዜም ይደገማል። የታፈነው ካርቦን ትንሽ ይወጣል፣ ውጥረቱ ይረግባል። ጥንካሬው ወደ 60 አካባቢ ይወርዳል፣ ምት የመቻል አቅሙ ግን በጣም ይጨምራል። ሙቀቱን ወደ 300 ብታደርሰው 56 አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ሠሪው በምድጃው ሙቀት የሚመርጠው ይሄንን ነው፦ ከ65 ላይ ስንት ነጥብ ልተው? በምትኩስ ስንት ቻይነት ላግኝ?

ሄኖክ፦ ታዲያ ሁለት ቢላዎች እኩል 60 ቢሆኑ ባሕርያቸውም እኩል ነው?

ሜሮን፦ አይደለም! ብዙ ገዢ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ሠሪ ብረቱን በትክክለኛው ሙቀት አሙቆ ነከረው። ሌላው ከልክ በላይ አሞቀው። ከልክ በላይ ሲሞቅ የብረቱ ቅንጣቶች ያድጋሉ፤ ቢሰበር ውስጡ እንደ ስኳር ሸካራ ሆኖ ይታያል። ቴምፐር ሲደረግ ይሄኛውም 60 ላይ ሊያርፍ ይችላል። መለኪያው ሁለቱን አይለያቸውም። ሥራ ላይ ግን ሁለተኛው ይሸረፋል። ቴምፐሪንግ ያደገውን ቅንጣት አያሳንሰውም።

የብረቱ ዓይነትም አለበት። እንደ ዲ2 ያሉ ብረቶች ውስጥ ትልልቅ ካርባይዶች አሉ፣ በጣም ጠንካራ ቅንጣቶች ናቸው። ቶሎ አይዶለዱሙም፣ ግን ቀጭን ስለት ላይ ስንጥቅ የሚጀምረው እነሱ ጋ ነው።

ሄኖክ፦ አንድ ጉዳይ ይዘን እንየው። ሰውዬው 62 የሆነ ቀጭን ቢላዋ ገዛ። ስለቱ የተሳለበት ማዕዘን በእያንዳንዱ ጎን 12 ዲግሪ ነው። ዶሮ ሲበልት ስለቱ ሦስት ቦታ ተሸረፈ። ቢላዋው ነው ጥፋተኛው?

ሜሮን፦ መጀመሪያ የማየው የተሸረፈው የት ጋ እንደሆነ ነው። አጥንቱን በነካው ቦታ ብቻ ከሆነ ብረቱን አልወቅስም። 12 ዲግሪ ላይ ስለቱ በጣም ቀጭን ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሲጠመዘዝ ጫናው ከጎን ይመጣል፣ 62 የሆነ ብረት ደግሞ ከጎን የሚመጣን ጫና አይወድም። 57 የሆነ ቢላዋ እዚያው ቦታ ታጥፎ ይቀር ነበር።

ሄኖክ፦ ለስላሳ አትክልት ብቻ ቆርጦ ከተሸረፈስ?

ሜሮን፦ ያኔ ጥርጣሬ ይገባኛል። ግን ወዲያው አልጥለውም። ፋብሪካ ውስጥ ስለቱ በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ሲወጣ ጫፉ ሊቃጠል ይችላል። መሀሉ 62 ሆኖ ጫፉ ላይ ያለው ስስ ብረት ተበላሽቶ ይመጣል። ስለዚህ በውሃ በራሰ መሳያ ድንጋይ ሽርፉ እስኪጠፋ ይሳለው። ማዕዘኑንም ወደ 15 ዲግሪ ያስፋው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተስሎ ከተሻለው፣ ችግሩ ጫፉ ላይ ብቻ ነበር። በሰፊው ማዕዘንም አትክልት ላይ መሸረፉን ከቀጠለ፣ የእሳቱ ሥራ ተበላሽቷል። መሳል አያድነውም። ይመልሰው።

ሄኖክ፦ እንግዲህ ለየትኛው ሰው የትኛው?

ሜሮን፦ አጥንት የሚነካ፣ ቢላዋውን ብዙ ሰው የሚጋራበት ቤት ከ56 እስከ 58 ያለውን ይግዛ። ቶሎ ቶሎ ይታጠፋል፣ ግን በብረት ዘንግ ጥቂት ጊዜ ሲሞረድ ይቃናል። በእንጨት መክተፊያ ላይ ሥጋና አትክልት ብቻ በስሱ የሚቆርጥ፣ በድንጋይ መሳልም የማይሰለቸው ሰው 61 ወይም 62 ይውሰድ። ስለቱ ረጅም ጊዜ ይቆይለታል።

ሄኖክ፦ 62ቱንም በዚያው ዘንግ ይሞርደው?

ሜሮን፦ ኧረ በፍጹም! ሸንተረር ያለው የብረት ዘንግ ጠንካራውን ስለት ራሱ ሊሸርፈው ይችላል። ለሱ ድንጋይ፣ ወይም ለስላሳ የሴራሚክ ዘንግ በቀላል እጅ።