ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲወርድ፦ የቦይ ውኃን በቪ ቅድ ስለ መለካት

የተከበራችሁ የውኃ አባቶች፣ የመስኖ ማኅበር ኮሚቴዎች፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ የልማት ሠራተኞች፣ እንደምን አደራችሁ።

ውኃ በሰዓት ተራ ስናካፍል ለሁሉም እኩል ሰዓት ሰጠን እንላለን። ቦዩ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይፈስም። ጠዋት ሙሉ ሆኖ የወረደው ውኃ፣ ከላይ ያሉት ሲጠልፉት ከሰዓት በኋላ ይቀንሳል። ዛሬ የምናገረው ይህን ልዩነት በአንዲት ላሜራና በአንድ ማስመሪያ እንዴት በሊትር ማወቅ እንደሚቻል ነው። መሣሪያው ባለ ስለት ዊር ይባላል። ከዓይነቶቹ ውስጥ ለእኛ የምንጭ ቦዮች የሚስማማውን፣ የ90 ዲግሪ ቪ ቅድ ያለውን ብቻ እናያለን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቦዩን በቆመ ላሜራ እንዘጋዋለን፤ ላሜራው ላይ ቪ ቅርጽ ያለው ቅድ አለ፤ ውኃው በዚያ ቅድ ብቻ ያልፋል። ብዙ ውኃ ሲመጣ ከላሜራው ኋላ ያለው ኩሬ ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ዝቅ ይላል። ከቅዱ ታችኛ ጫፍ እስከ ኩሬው ፊት ያለውን ከፍታ በሳንቲ ሜትር ከለካን፣ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ የሚነግረን ስሌት ይህ ነው፦

Q = 0.0138 × h^2.5

h ከፍታው በሳንቲ ሜትር፣ Q ደግሞ ፍሰቱ በሊትር በሰከንድ ነው። በስልክ ለማስላት ከፍታውን በራሱ አባዙት፤ ውጤቱን በከፍታው ስኩዌር ሩት አባዙት፤ በመጨረሻ በ0.0138 አባዙት። 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 15 በ15 ሲባዛ 225፣ የ15 ስኩዌር ሩት 3.873፣ ሁለቱ ሲባዙ 871፣ በ0.0138 ሲባዛ 12 ሊትር በሰከንድ።

2.5 ከየት መጣ? ኩሬው ሲወጣ ሁለት ነገር አብሮ ይጨምራል። የውኃው መተላለፊያ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይሰፋል፣ ስለዚህ የቆዳ ስፋቱ በከፍታው ካሬ ያድጋል። ከላይ የሚጫነው ውኃ ስለሚጨምር ፍጥነቱም በከፍታው ስኩዌር ሩት ያድጋል። ሁለትና ግማሽ የሆነው ለዚህ ነው። የዛሬው ቁም ነገር ያለውም እዚሁ ላይ ነው፤ በከፍታው ላይ የምትሳሳቷት ትንሽ ስሕተት በፍሰቱ ላይ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆና ትመጣለች።

ወደ ተራው እንመለስ። ጠዋት 15 ሳንቲ ሜትር ሲነበብ ቦዩ 12 ሊትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 43 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ንባቡ 13 ቢሆን ፍሰቱ 8.4 ሊትር፣ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ነው። በዓይን ሲታይ ቦዩ ያው ቦይ ነው፤ ውኃው ግን 30 በመቶ ቀንሷል። አንድ ጥማድ ሽንኩርት፣ ሩብ ሄክታር ብለን እንውሰደው፣ 50 ሚሊ ሜትር ይጠጣ ብንል 125 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በመንገድ የሚሰርገውን ትተን፣ የጠዋቱ ባለተራ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሳል። የከሰዓቱ ግን ከአራት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ለሁለቱም ሦስት ሦስት ሰዓት የሰጠ የውኃ አባት አዳልቷል ቢባል ክሱ ውሸት አይደለም፤ ያዳላው ግን ሳያውቅ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ቢበዛ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለሚነበብበት ቦይ እንሥራ፤ ይህ እስከ 24.7 ሊትር በሰከንድ ይለካል። የቅዱ ታችኛ ጫፍ ከኩሬው ወለል 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በግራና በቀኝም ከውኃው ጠርዝ እስከ ኩሬው ግድግዳ 40፣ 40 ይቅር። ቅዱ በ20 ከፍታ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ኩሬው በትንሹ 1 ሜትር ከ20 ሊሰፋ ይገባል። ይህን ያህል ስፋት ያስፈለገው፣ ውኃው ወደ ቅዱ ተረጋግቶ ከሦስቱም አቅጣጫ ተሰብስቦ እንዲገባ ነው፤ ስሌቱ የሚሠራው በዚያ ሁኔታ ብቻ ነው።

ላሜራው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት፣ ወደ ጎንም ወደ መሬትም የሚቀበረውን ጨምሮ 1 ሜትር ከ50 በ85 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ። ቅዱ ከላይ 50 ስፋት፣ 25 ጥልቀት ይኑረው፤ እያንዳንዱ ጎን 35.4 ሳንቲ ሜትር ከመጣ 90 ዲግሪው ልክ ነው። ጠርዙ በሞረድ ይሳል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ብየዳ ቤቱ ለመልክ ብሎ ሁለቱንም ፊት ያድበለብለዋል። በላይኛው ውኃ በኩል ያለው ፊት ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኑም ስለታም ሆኖ መቅረት አለበት፤ የሚሞረደው በታችኛው በኩል ነው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጠርዝ እስኪቀር። የላይኛው ማዕዘን ከተድበለበለ ውኃው ሳይኮማተር ሾልኮ ያልፋል፤ በተመሳሳይ ንባብ ከስሌቱ የበለጠ ውኃ ይወርዳል። በዓመታት ዝገትና አሸዋ የሚመጣውም ጉዳት ይኸው ነው።

ላሜራው በቱምቢ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ጎኑና ሥሩ በሲሚንቶ ወይም በደንብ በተረገጠ ጭቃ ይደፈን። በሥሩ የምታንጠባጥብ ቀዳዳ ካለች እሷ የምትወስደውን ማስመሪያው አያየውም።

ማስመሪያውን ላሜራው ላይ አትቸንክሩት! ምቹ ስለሆነ ሁሉም የሚያደርገው ይህን ነው። ውኃ ወደ ቅዱ ሲቃረብ ፍጥነት ስለሚያገኝ ፊቱ ወደ ታች ይጎብጣል። እውነተኛው ከፍታ 15 ሆኖ ላሜራው አጠገብ 13.5 ብታነቡ ስሌታችሁ 9.2 ሊትር ይላል፤ ሩብ የሚጠጋ ውኃ በወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው። ማስመሪያው ከላሜራው ተነሥቶ ከከፍተኛው ንባብ ቢያንስ አራት እጥፍ ርቀት ወደ ላይኛው ውኃ በኩል ይተከል። ለእኛ 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ እኔ ግን 1 ሜትር አድርጉት እላለሁ፣ ከመሀል ወጣ ብሎ ውኃው ጸጥ ባለበት ጎን።

ቀጥሎ ዜሮው። የማስመሪያው ዜሮ ከቅዱ ታችኛ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። አንዳንዶች ውኃው በቅዱ መፍሰስ ሲያቆም የኩሬውን ፊት ዜሮ ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ይህ ያሳስታል፤ ውኃ ጠርዙ ላይ ተጣብቆ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀራልና። ጫፉን ራሱን መለካትም አስቸጋሪ ነው፣ ሞረድ ትንሽ ክብ ያደርገዋል። የተሻለ መንገድ አለ። ቅዱ 90 ዲግሪ ስለሆነ፣ ስፋቱ ልክ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነበት ቦታ ከእውነተኛው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው። በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ ያንን ቦታ ምልክት አድርጉና ቀጥ ያለ እንጨት አጋድሙበት። እንጨቱ ላይ ውኃልክ ስታስቀምጡ አረፋው መሀል ካልቆመ ላሜራው ተንጋዷል፣ መጀመሪያ እሱን አቅኑ። ከቆመ፣ ግንበኞች የሚሠሩበትን ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልታችሁ፣ አየር እንዳይቀርበት አድርጋችሁ፣ የእንጨቱን ልክ ወደ ማስመሪያው አሻግሩት። እዚያ ላይ 10 ቁጥር ይቀመጣል።

ዜሮው በ1 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት ምን ይሆናል? በ15 ላይ 14 ብታነቡ 12 ሊትሩ 10.1 ይሆናል፣ ከመቶ 16 ስሕተት። በሚያዝያ ምንጩ ሲደክም፣ 8 የሆነውን 7 ብታነቡ ደግሞ 2.5 ሊትሩ 1.8 ይሆናል፣ ከመቶ 28። ጠብ በሚበዛበት ወር ስሕተቱም ይበዛል።

ዊሩ ትክክል እየሠራ መሆኑ በዓይን ይታወቃል። የሚወርደው ውኃ ከላሜራው ተላቅቆ መውደቅ አለበት፤ ከኋላው ጣት የሚያስገባ አየር ይታያል። ላሜራውን እየላሰ ከወረደ ንባቡን አትመኑ። ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ መውደቂያውን ቆፍራችሁ በባልዲና በሰዓት ለኩ፤ በእንዲህ ያለ ትንሽ ፍሰት ባልዲው ከማንኛውም ስሌት ይበልጣል። በታች ያለው ውኃም ከቅዱ ጫፍ በትንሹ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ታችኛው ቦይ በሣር ታፍኖ ውኃው ወደ ቅዱ ከወጣ ኩሬውን መልሶ ይገፋዋል፤ ማስመሪያው ብዙ ያሳያል፣ የሚያልፈው ግን ያነሰ ነው። የታች ተጠቃሚዎች «ያላችሁት ውኃ አልደረሰንም» ሲሉ መጀመሪያ እዚህ እዩ።

ደለል በተቃራኒው ያሳስታል። ኩሬው ሲሞላ ወለሉ ወደ ቅዱ ይቀርባል፣ ውኃውም ሳይረጋጋ እየሮጠ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ማስመሪያው ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል። አካፋ ማስገባት ያለባችሁ ኩሬው ሲሞላ አይደለም፤ ከቅዱ ጫፍ እስከ ወለሉ ያለው ከተለመደው ንባብ ሁለት እጥፍ በታች ሲሆን ነው። 15 የምታነቡ ከሆነ ከ30 ሳንቲ ሜትር ሲያንስ ማለት ነው።

ይህ መሣሪያ የማይሆንበትም ቦታ አለ። በእኛ ቅድ 15 ሲነበብ፣ ከላይና ከታች ባለው ውኃ መካከል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር መውደቂያ ይፈልጋል። ከተራራ ሥር በሚወርዱ የቃሉና የአምባሰል ዓይነት የምንጭ ቦዮች ይህ ችግር አይደለም። በቆቦ ሜዳ ግን ለሜዳ በተሠራ ቦይ ላይ ዊር ብታቆሙ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ ዳሩን ያፈርሰዋል። በጎርፍ መስኖ ቦይማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የጎሊና ወይም የሆርማት ወንዝ ሲሞላ የሚያመጣው ድንጋይና ግንድ ላሜራውን በአንድ ሌሊት ይወስደዋል። በምንጭ ቦይም ቢሆን ክረምት ሊገባ ሲል ላሜራውን ነቅላችሁ ብታስቀምጡ ይሻላል። መስከረም ላይ ስትመልሱት ያንን 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንደገና ለኩና 10 ቁጥሩን በቱቦ አረጋግጡ፤ ያለፈው ዓመት ምልክት ላይ አትመኩ።