«ችግር ካለ ደውልልኝ»
(በድርጅታችን የሒሳብና የሰው ሀብት ሠራተኞች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ የፋይናንስ ኃላፊያችን፣ የተከበራችሁ የሰው ሀብት ክፍል ባልደረቦች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

የሰው ሀብት ክፍላችን አዲስ የሥራ ርክክብ ቅጽ ስላዘጋጀ ከወሊድ ፈቃድ የተመለስኩት እኔ ስለ ጉዳዩ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ቅጹን አንብቤዋለሁ። «ዋና ዋና ተግባራት» የሚል ሰንጠረዥ አለው፣ የፊርማ ቦታ አለው፣ ማኅተምም አለው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ቅጹ ለመናገር አይደለም። የመጣሁት ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቦርሳዬን ይዤ ከመውጣቴ በፊት፣ የእኔን ሥራ ሸፍኖ ለሚቆየው ባልደረባዬ ስለጻፍኩት አንድ ኢሜይል ለመናገር ነው። ባልደረባዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ኢሜይሉን እንዳነብ ፈቅዶልኛል። አጭር ስለሆነ ሙሉውን ላንብብላችሁ።

«ሰላም፤ የፔሮል ፋይሉ በጋራ ማኅደሩ ውስጥ ነው። የሰኔን ኮፒ አድርገህ ሐምሌ በለው። የቀሪና የትርፍ ሰዓት ዝርዝሩን ከሰው ሀብት ትቀበላለህ። ሌላው እንደተለመደው ነው። ሁሉም ፋይሉ ውስጥ አለ። ችግር ካለ ደውልልኝ። በርታ።»

ይህን ስጽፍ ጥሩ ባልደረባ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። «ደውልልኝ» ማለት በእኛ ቤት ደግነት ነው። ዛሬ ግን እናንተው ፊት የምለው፣ በዚያ ኢሜይል ውስጥ ትልቁ ስሕተት ያቺ አንዲት ቃል እንደነበረች ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን እንቁጠረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣታል። እኛ ቅዳሜንም ስለምንገባ በድምሩ 20 ሳምንት ነው፤ በዓላቱ ሲጨመሩበት አምስት ወር ይጠጋል። ለፔሮል ሠራተኛ ይህ ማለት ሸፋኙ አምስት ያህል ደመወዝ ብቻውን ይከፍላል ማለት ነው። ልጅ ደግሞ ቀን አይጠብቅም፤ ከ30ው ቀን ቀድማ ከመጣች ከወሊድ በፊት የነበረው ፈቃድ እዚያው ላይ ያበቃና የ90ው ቀን ቆጠራ ይጀምራል። የእኔ ልጅ ሐምሌ 15 ቀን መጣች፤ ሦስት ቀን ቀድማኝ ነው።

አሁን ወደ ሐምሌ 25 እንሂድ። ዓርብ ነበር፤ ልጄ አሥር ቀኗ ነበር። የአክስቴ ልጆችና የሰፈር እናቶች ሊጠይቁኝ መጥተው ገንፎው ቀርቦ፣ ቂቤው መሐሉ ላይ እየቀለጠ፣ አንዷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለች ስትስመኝ ስልኬ ጮኸ። ባልደረባዬ ነበር። ድምፁ ተለውጧል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛችን የደመወዝ ወረቀቱን ይዞ ቢሮ መጥቶ «ሌላ ቤት የሚሠራው ወንድሜ ግብሩ ቀንሶለታል፤ የእኔ ለምን አልቀነሰም?» ብሎት ነው።

ሰውየው ትክክል ነበር። የደመወዝ ግብር መጣኔው በአዲሱ ማሻሻያ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀይሮ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግብር የማይከፈልበት የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነበር፤ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የጥበቃ ሠራተኛችን ደመወዝ 5,000 ብር ነው። በድሮው መጣኔ 20 በመቶው ተሰልቶ 302.50 ሲቀነስለት ግብሩ 697.50 ይሆናል። በአዲሱም 20 በመቶ ነው፤ ነገር ግን የሚቀነስለት 500 ስለሆነ ግብሩ 500 ብር ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 697.50 ነበር። በወር 197.50 ብር ማለት ለዚያ ሰው ምን እንደሆነ ለማንኛችሁም ማስረዳት አያስፈልገኝም። አሥራ ሁለት ሺህ ብር የሚከፈለው ባለሙያችን ደግሞ 2,250 መቆረጥ ሲገባው 2,700 ተቆርጦበታል፤ 450 ብር ሲጎድልበት ግን ልብ አላለውም። ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው በር ላይ የሚቆመው ሰው መሆኑን ሒሳብ ክፍሉ እንዲያስታውስ እፈልጋለሁ።

ባልደረባዬ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። እርሱ ግን ማሻሻያውን ሰምቷል፤ አንብቧል፤ ፋይሉን ከፍቶ «የግብር መጣኔ» የሚለውን ሽት አግኝቶ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በአዲሶቹ ተክቷል። የሚጠበቅበትን ሁሉ አድርጓል። ያላወቀው፣ እኔም ያልነገርኩት፣ ያ ሰንጠረዥ ለዓይን ብቻ የተቀመጠ መሆኑን ነው። ግብሩን የሚያሰላው ፎርሙላ ከሰንጠረዡ ጋር አይገናኝም፤ 600፣ 1,650፣ 3,200 የሚሉት የድሮ ቁጥሮች በራሱ በፎርሙላው ውስጥ ተጽፈዋል። ፋይሉን የሠራው ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ነው። የድሮው መጣኔ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ስላልተነካ ነገሩን አውቀዋለሁ እንጂ አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም። የለመድነውን ነገር ዕውቀት አድርገን ስለማንቆጥረው ኢሜይል ላይም አይወጣም። እኔ ኢሜይሉን የጻፍኩት የሥራ ዝርዝሬን እያሰብኩ ነው፤ መጻፍ የነበረብኝ ግን ፋይሉን ከፍቼ የሰኔን ደመወዝ እንደገና እየሠራሁ፣ እጄ የቆመበትን ቦታ ሁሉ እያስተዋልኩ ነበር።

ስሕተቱ መክፈያው ከመፈረሙ በፊት ሊታይ ይችል ነበር ወይ? ይችል ነበር፤ ለዚያውም በአንድ ደቂቃ። በሐምሌ ማንም አልተቀጠረም፤ ማንም አልለቀቀም፤ የማንም ደመወዝ አልተጨመረም፤ ትርፍ ሰዓትም አልነበረም። መጣኔው ከተቀየረ የግብሩ ድምር መቀነስ አለበት። የእኛ የሐምሌ ድምር ግን ከሰኔው ጋር አንድ ሳንቲም እንኳ አልተለያየም። ያን የሚያይ ሰው ፎርሙላው እንዳልተነካ ወዲያው ያውቃል። እኔ በየወሩ ሁለቱን ድምሮች ጎን ለጎን አያቸው ነበር፤ ይህም የእጅ ልማድ ስለነበር በኢሜይሉ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ምን ሆነ? አራስ ሆኜ፣ ልጄን በግራ ክንዴ ይዤ፣ በቀኜ ስልኩን በጆሮዬ ላይ ይዤ «ከቁጥሩ በኋላ ኮማ፣ ቅንፉን ክፈት፣ አይ ዝጋው» እያልኩ ፎርሙላ በቃል አጻፍኩ። ገንፎው ቀዘቀዘ። እናቴ ሁለት ጊዜ ገብታ ወጣች፤ በሦስተኛው ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «ልጄ አራስ ናት፤ ከአራስ ቤት የምትጠሯት መሥሪያ ቤቱ ተቃጥሎ ነው?» ብላ ዘጋችው። ባልደረባዬ እስካሁን እናቴን ይፈራታል።

በዕድላችን ግብሩ ለገቢዎች ገና አልተገለጸም ነበር፤ ለማሳወቅ ወሩ ካለቀ በኋላ 30 ቀን አለና። ስለዚህ በትክክለኛው ቁጥር ተገልጾ የተቆረጠው ትርፍ ከነሐሴ ደመወዝ ጋር ለሠራተኛው ተመለሰ። ከተገለጸና ከተከፈለ በኋላ ቢታወቅ ኖሮ ስንት ደብዳቤና ስንት ቀጠሮ ይፈጅ እንደነበር የሒሳብ ሰዎች ታውቁታላችሁ።

ወደ ሥራ ከተመለስኩ በኋላ ያን ኢሜይል እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ለማንም ባልልከውም ለራሴ። የአሁኑ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «መክፈያውን ለፊርማ ከመስጠትህ በፊት ሦስት ሰዎችን በካልኩሌተር ራስህ አስላ፤ አንድ ከዝቅተኛው፣ አንድ ከመካከለኛው፣ አንድ ከከፍተኛው ደመወዝ። የ5,000 ብሩ ጡረታ 7 በመቶ 350፣ ግብሩ 500፣ በእጁ የሚደርሰው 4,150 ነው። ፋይሉ ሌላ ቁጥር ካሳየህ የተሳሳተው ፋይሉ ነው፤ አንተ አይደለህም።» ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር አዲስ ሰው ከስምንት ዓመት ፋይል ጋር ሲጋጠም ድፍረት ትሰጠዋለች። ቀጥሎ «ካለፈው ወር ድምር ተነሥተህ የተቀጠረውን ደምር፣ የለቀቀውን ቀንስ፤ የዚህን ወር ድምር ካልሰጠህ አትላክ» ይላል። ከዚያ በኋላ የድርጅቱ የ11 በመቶ የጡረታ መዋጮ የት እንደሚመዘገብ፣ የማን ብድር በየትኛው ወር እንደሚያልቅ በቁጥር ተቀምጧል፤ ብድሩ ሲያልቅ ቅነሳውን የሚያቆመው ሰው ነው፤ ፋይሉ በራሱ አያቆምምና።

የባንኩንም ነገር በአንድ ቃል ልለፈው። እኔ ስወጣ የሸፋኙ ስም ለባንኩ በደብዳቤ ስላልተላከ ሐምሌን በእኔ የይለፍ ቃል ነው የከፈለው። ኦዲተሮቹ አግኝተውታል፤ ትክክልም ነበሩ።

አሁን ወደ አስቆጣኝ ነገር ልመለስ። ያን ኢሜይል በመጨረሻው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጻፍኩት ቸልተኛ ስለነበርኩ ብቻ አይደለም። ማን እንደሚሸፍነኝ የተነገረኝ በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው! እርግዝናዬን በጽሑፍ ያሳወቅሁት በአራተኛው ወር ነበር። ሆዴ በየቀኑ በዚህ በር ሲገባ ሲወጣ ሁላችሁም ታዩት ነበር። አምስት ወር ሙሉ የማይመጣ ነገር የመሰለ ሥራ በሦስት ቀን ርክክብ ተብሎ ሲሰጠኝ፣ የቀረልኝ አማራጭ «ደውልልኝ» ብሎ መውጣት ብቻ ነበር። ያ ቃል ለባልደረባዬ ቃል ኪዳን ይመስላል፤ በተግባር ግን አዋጁ የሰጠኝን 90 ቀን በገዛ እጄ መልሼ ለመሥሪያ ቤቱ ማስረከቤ ነው። ቅጹ ላይ ፊርማ ከሚበዛ፣ ሸፋኙ ከስድስት ሳምንት በፊት ይሰየምና አንድ ሙሉ የወር ደመወዝ እርሱ ይሥራ፤ እርጉዟ ከጎኑ ቁጭ ብላ ትይ። እርሱ ሲደናቀፍ የጠየቀው ጥያቄ ሁሉ ኢሜይሉ ላይ ይግባ። እርሷ ሳትነካው ደመወዙ ከወጣ ኢሜይሉ ተጠናቋል፤ ካልወጣ ገና ነው።

ገንዘብ ያዣችን ዛሬ እዚህ ከፊት ተቀምጣለች። የቅድመ ወሊድ ፈቃዷ ሊጀምር 23 ቀን ቀርቶታል። ዛሬ ጠዋት ጠይቄያታለሁ፤ ማን እንደሚተካት አታውቅም። የተከበሩ ኃላፊያችን፣ ስብሰባው ከመበተኑ በፊት እባክዎ ስሙን ይንገሩን፤ ማን ነው?