ሊትርና ኪሎ በአንድ መደርደሪያ፦ የዘይት ዋጋን ከፎቶ ላይ ማነጻጸር

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ካለ ሱቅ የተነሣ የመደርደሪያ ፎቶ። ሁለት የዘይት ጀሪካኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከዳር ያለው ሦስተኛው ጀርባውን ሰጥቷል።]

ልጅ ከደብረ ብርሃን ይህን ፎቶ በቴሌግራም ወደ ሰላድንጋይ ይልክና «እማዬ፣ የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል። በግራ ያለው ጀሪካን 1,450 ብር፣ በቀኝ ያለው 1,350 ብር ነው። ሁለቱም የሱፍ ዘይት ናቸው። ዋጋዎቹ ለስሌቱ የተመረጡ ስለሆኑ በከተማችሁ ባለው ዋጋ ተክታችሁ ሥሩ። አሠራሩ አይለወጥም።

የግራው በፎቶው ላይ ገዝፎ ይታያል። ይህን ለጊዜው እርሱት። ፎቶ ያነሣው ሰው ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ከቆመ ቅርብ ያለው ዕቃ ይገዝፋል። በዚያ ላይ የጀሪካን እጀታና ወደ ውስጥ የገባ ታች ምን ያህል ቦታ እንደሚይዙ ከፊት ለፊት አይታይም። ከፎቶ የሚወሰደው የተጻፈው ብቻ ነው።

[ምስል፦ የመደርደሪያው ጠርዝ ቀረብ ብሎ ይታያል። የዋጋ ወረቀቶቹ ይነበባሉ።]

መጀመሪያ የዋጋውን ወረቀት እናንብብ። ወረቀት የሚለጠፈው በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ነው። ዕቃው ሲሸጥና ሲተካ ግን ጀሪካኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ወረቀቱ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ «ከላዩ የቆመው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስምና መጠን ከጀሪካኑ ጋር አንድ መሆኑን ተመልከቱ። የባለ 3 ሊትሩ ዋጋ ከባለ 5 ሊትሩ ሥር ተለጥፎ ከተገኘ፣ ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው። ወረቀቱ ላይ ቁጥር ብቻ ካለ ባለሱቁን መጠየቅ ይሻላል።

[ምስል፦ የሁለቱ ጀሪካኖች መለያ ጽሑፍ ታችኛ ጥግ። በግራ «5 ሊትር»፣ በቀኝ «4.5 ኪሎ ግራም»።]

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የተጣራው ይዘት ብዙውን ጊዜ በመለያ ጽሑፉ ታችኛ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ፎቶውን በጣታችሁ ከፍታችሁ አጉሉት። በግራው ላይ 5 ሊትር ተጽፏል። በቀኙ ላይ ደግሞ 4.5 ኪሎ ግራም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው 5ን ከ4.5 ጋር ያነጻጽራል። 1,450ን ለ5 ሲያካፍል 290 ብር ያገኛል። 1,350ን ለ4.5 ሲያካፍል 300 ብር ይመጣል። «የግራው ይረክሳል» ብሎ ይወስናል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ንጽጽሩ ግን የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም 290 ብር የአንድ ሊትር ዋጋ ሲሆን 300 ብር የአንድ ኪሎ ዋጋ ነው። ለውኃ ቢሆን ልዩነት አይኖረውም ነበር፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናልና። ዘይት ግን ከውኃ ይቀላል፤ ለዚህ ነው ወጥ ላይ ተንሳፍፎ የምናየው። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት የሚመዝነው ወደ 920 ግራም ነው። የሱፍም የኑግም ዘይት ከዚህ ብዙም አይርቅም። የፓልም ዘይት ጥቂት ቀለል ይላል፤ ልዩነቱ ግን አንድ በመቶ ያህል ብቻ ነው።

[ምስል፦ በስክሪኑ ላይ ስሌቱ በእጅ ጽሑፍ ይጻፋል።]

ሊትር × 0.92 = ኪሎ ግራም

እንግዲህ የግራውን ወደ ኪሎ እንለውጠው። 5 ሲባዛ በ0.92፣ 4.6 ኪሎ ግራም ይሆናል። 1,450ን ለ4.6 ስናካፍል አንዱ ኪሎ 315 ብር ከጥቂት ሳንቲም ይወጣል። የቀኙ ኪሎ 300 ብር ነው። ውሳኔው ተገለበጠ፤ በኪሎ 15 ብር የሚረክሰው የቀኙ ነው።

ይህን በሌላ በኩልም እንየው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። በግራው ጀሪካን ውስጥ ያለው ዘይት ከቀኙ የሚበልጠው በ100 ግራም ብቻ ነው። ለዚያች 100 ግራም የተጨመረው ክፍያ 100 ብር ነው። በዚህ ዋጋ አንድ ኪሎ ዘይት 1,000 ብር ገባ ማለት ነው። ቆጥቦ የሚኖር ቤተሰብ እያወቀ እንዲህ ያለ ዋጋ አይከፍልም።

ሲካፈል የሚወጣው ልዩነት ከመቶ ብር ሁለት ብር የማይሞላ ከሆነ ግን ሁለቱን እኩል ቁጠሯቸው። 0.92 ራሱ የተጠጋጋ ቁጥር ስለሆነ ከዚያ ያነሰውን ልዩነት በእርግጠኝነት አይለይም። ያን ጊዜ የምትወዱትን ግዙ። የፓልምና የሱፍ ዘይት ጎን ለጎን ከቀረቡም ስሌቱ የሚነግራችሁ የመጠኑን ዋጋ ብቻ ነው፤ የዓይነቱ ምርጫ የእናንተ ነው።

[ምስል፦ ሁለት አንድ ዓይነት ጀሪካኖች። በአንደኛው የዘይቱ ከፍታ ዝቅ ያለ ነው።]

«ይሄኛው ጎድሏል» የሚል ጥርጣሬም ከፎቶ ይነሣል። በእኛ አካባቢ ለዚህ ሌላ ምክንያት አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው ደግሞ ቆላ ገብቷል። ዘይት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። በ15 ዲግሪ ልዩነት የ5 ሊትሩ መጠን በ50 ሚሊ ሊትር ገደማ ይለዋወጣል። የጀሪካኑ ትከሻ ወደ አንገቱ ጠበብ ስለሚል ይህ ትንሽ ለውጥ ለዓይን ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ያው ጀሪካን ሸዋ ሮቢት ላይ ሞልቶ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጎድሎ ሊታይ ይችላል። ክብደቱ ግን አልተነካም። ለዚህም ነው በሊትርና በኪሎ የተጻፉ ዕቃዎች ሲገናኙ ሁለቱንም ወደ ኪሎ መለወጥን የምመርጠው። በብርድ ጠዋት የፓልም ዘይት ደፍርሶ ወይም ነጭ ሆኖ ረግቶ በፎቶ ላይ ብታዩትም መጠኑ አልቀነሰም፤ ሲሞቅ ይመለሳል።

[ምስል፦ ወደ መጀመሪያው ፎቶ እንመለሳለን። ሦስተኛው ጀሪካን ይከበባል።]

ጀርባውን ስለሰጠው ጀሪካን ግን ምንም ማለት አንችልም። ቅርጹ ከግራው ጋር ስለተመሳሰለ «5 ሊትር ነው» ብሎ መገመት አያዋጣም፤ አንድ ዓይነት የሚመስል ጀሪካን ውስጥ 4.5 ሊትር ሊሞላ ይችላል። ልጁ ዞር አድርጎ የታችኛውን ጥግ በቅርብ ያንሣው፤ ብርሃን ፕላስቲኩ ላይ አብረቅርቆ ቁጥሩን እንዳይሸፍን ስልኩን ጥቂት ዘንበል ያድርግ።

[ምስል፦ የባለሱቅ ሚዛን፣ በላዩ ጀሪካን።]

ጽሑፉ ራሱ እውነት መሆኑን ፎቶ አይናገርም። ሚዛን ይናገራል። ሱቁ ውስጥ ሚዛን ካለ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ሚዛን ላይ ያስቀምጡልኝ» ይበል። 5 ሊትር ዘይት ብቻውን 4.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በላዩ የፕላስቲኩ ክብደት አለ። ስለዚህ ሚዛኑ ከነጀሪካኑ ከ4.6 በታች ካሳየ፣ የባዶውን ክብደት ማወቅ ሳያስፈልግ፣ ዘይቱ ጎዶሎ ነው። ከዚያ በላይ ካሳየ ግን ሙሉ ነው ለማለት ገና ነው፤ ቤት ያለውን የዚያኑ ዓይነት ባዶ ጀሪካን መዝኖ ከጠቅላላው መቀነስ ያስፈልጋል። የሚቀረው ቁጥር 4.6 አካባቢ ከሆነ ጽሑፉ እውነት ነው፣ ሂሳቡም እንደተሠራ ይጸናል።